ኦፕሽን ሸጣችሁ ሄጁን በየስንት ጊዜው ታስተካክላላችሁ? አራት አማራጮች በአንድ ምሳሌ

ኦፕሽን የሸጠ ሰው ዴልታውን፣ ማለትም አክሲዮኑ በ1 ዶላር ሲንቀሳቀስ የኦፕሽኑ ዋጋ የሚንቀሳቀስበትን መጠን፣ አክሲዮን በመያዝ ሄጅ ማድረግ ወይም ማካካስ እንዳለበት ያውቃል። ሰው የሚለያየው በየስንት ጊዜው ይስተካከል የሚለው ላይ ነው። አንዱ ገበያው ሊዘጋ ሲል በቀን አንዴ ያስተካክላል። ሌላው ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ ይነካካል። ሦስተኛው ሰዓቱን ትቶ ዋጋው በቂ ያህል ሲንቀሳቀስ ብቻ ይገባል። አራተኛው ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ልቀንስ ብሎ ራሱ ሌላ ኦፕሽን ይገዛል። አራቱንም በአንድ ምሳሌ ላይ አስቀምጬ አወዳድራለሁ፤ የትኛውን መቼ እንደምመርጥም እነግራችኋለሁ።

ምሳሌው

አክሲዮኑ 100 ዶላር ላይ ነው። ስትራይኩ 100 የሆነ፣ 21 የገበያ ቀን የቀረው ኮል ኦፕሽን፣ ማለትም ገዢው አክሲዮኑን በ100 ዶላር እንዲገዛ መብት የሚሰጥ ውል፣ ሸጣችሁ፤ 100 ኮንትራት። አንዱ ኮንትራት 100 አክሲዮን ይይዛል፣ ስለዚህ በጠቅላላው 10,000 አክሲዮን ላይ ግዴታ ገብታችኋል። ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲው፣ ማለትም የኦፕሽኑ ዋጋ ወደፊት ይኖራል የሚለው ዓመታዊ መዋዠቅ፣ 32 በመቶ ነው። ወለዱን ዜሮ እናድርገው፣ ዲቪደንድም አይኑር። በብላክ-ሾልስ ሲሰላ የአንዱ ዋጋ 3.68 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ እጃችሁ የገባው ፕሪሚየም 36,840 ዶላር ነው ማለት ነው።

ዴልታው 0.518 ስለሆነ 5,184 አክሲዮን ትገዛላችሁ። በዚህች ቅጽበት ዋጋው ትንሽ ቢወጣም ቢወርድም አያሳስባችሁም። ግን ይህ የሚቆየው ዋጋው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ብቻ ነው። ዋጋው ሲንቀሳቀስ ዴልታው የሚቀየርበት ፍጥነት፣ የፖዚሽኑ ጋማ፣ 431 አክሲዮን ነው። ዋጋው በ1 ዶላር ሲወጣ 431 አክሲዮን ይጎድላችኋል፣ በ1 ዶላር ሲወርድ ደግሞ 431 ይተርፋችኋል። ስለዚህ ሲወጣ ትገዛላችሁ፣ ሲወርድ ትሸጣላችሁ፤ ሁሌ በውድ መግዛት፣ በርካሽ መሸጥ። ይህን ለመሸከም የሚከፈላችሁ ቴታ ነው፤ ቀን ባለፈ ቁጥር የሸጣችሁት ኦፕሽን የሚያጣው ዋጋ። መጀመሪያ ላይ በቀን 876 ዶላር ገደማ ነው።

ኪሳራው እንዴት እንደሚያድግ ልብ በሉ። በሁለት ማስተካከያዎች መካከል የሚደርስባችሁ ኪሳራ በግምት የጋማው ግማሽ ሲባዛ በእንቅስቃሴው ስኩዌር ነው። ዋጋው 1 ዶላር ቢሄድ 216 ዶላር ታጣላችሁ፣ 2 ዶላር ቢሄድ 863፣ 3 ቢሄድ 1,940፣ 5 ቢሄድ 5,390። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ለውጥ የለውም። ከቴታው ጋር እኩል የሚሆነው 2 ዶላር ገደማ ላይ ነው። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ ካላችሁ፣ 32 በመቶ ዓመታዊ ቮላቲሊቲ ለአንድ የገበያ ቀን ሲከፋፈል ወደ 2 በመቶ ስለሚሆን ነው። ዋጋው በቀን ከ2 ዶላር በታች ሲንቀሳቀስ ታተርፋላችሁ፣ ከዚያ ሲያልፍ ትከስራላችሁ።

እንግዲህ አንድ ነገር ከአሁኑ ግልጽ ይሁን። የሸጣችሁበት ቮላቲሊቲ ትክክል ከሆነ፣ ማለትም አክሲዮኑ በእውነትም በ32 በመቶ ከተንቀሳቀሰ፣ የቱንም ያህል ብታስተካክሉ አማካይ ውጤታችሁ ወጪ ሳይቀነስ ዜሮ ነው። ማዘውተር አማካዩን አያሻሽለውም። የሚቀንሰው ውጤቱ ከአማካዩ የሚርቅበትን ስፋት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዋጋ ትከፍላላችሁ። ንጽጽሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

አማራጭ አንድ እና ሁለት፦ በሰዓት መሥራት

በተወሰነ የጊዜ ልዩነት ሲስተካከል ስህተቱ የሚቀንሰው በማስተካከያዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ነው። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ማስተካከል ይጠይቃል። ወጪውስ? እያንዳንዱ ማስተካከያ ትንሽ ስለሚሆን በአራት እጥፍ አያድግም፤ በእጥፍ ነው የሚያድገው።

በምሳሌው ላይ በቀን አንዴ ብታስተካክሉ በአማካይ በአንድ ጊዜ 694 አክሲዮን ትገዛላችሁ ወይም ትሸጣላችሁ። በ21 ቀን ወደ 14,570 አክሲዮን ይሆናል። በቀን አራቴ ብታደርጉት በአንድ ጊዜ 347 አክሲዮን፣ በጠቅላላው ግን 29,150። ወጪውን በሁለት ዓይነት ገበያ እንየው። አንደኛው በአንድ አክሲዮን 3 ሳንቲም የሚያስወጣ፣ የስፕሬዱ (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) ግማሽና ኮሚሽኑ ተደምሮ፤ ሁለተኛው ገዢና ሻጭ የሳሳበት፣ 20 ሳንቲም የሚያስወጣ።

| መንገድ | የስህተቱ ስፋት (አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) | ወጪ በ3 ሳንቲም | ወጪ በ20 ሳንቲም |
|---|---|---|---|
| በ5 ቀን አንዴ | 15,900 | 200 | 1,300 |
| በቀን አንዴ | 7,100 | 440 | 2,900 |
| በቀን 4 ጊዜ | 3,600 | 870 | 5,800 |
| በቀን 16 ጊዜ | 1,800 | 1,750 | 11,700 |
| ዋጋው 2.50 ዶላር ሲንቀሳቀስ | 5,100 | 440 | 2,900 |

ቁጥሮቹ በዶላር ናቸው፣ ግምቶች ናቸው፣ የመጀመሪያው ግዢና የመጨረሻው ሽያጭ አልተካተቱም። የመጨረሻውን ረድፍ ለጊዜው ተዉት፣ እመለስበታለሁ።

በቀን አንዴ የሚያስተካክል ሰው ስህተቱ ከፕሪሚየሙ 19 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ ብዙ ነው። ቮላቲሊቲውን በትክክል ገምቶም፣ ምንም ሳያጠፋ፣ 7,000 ዶላር ከስሮ ወይም 7,000 አትርፎ ሊወጣ ይችላል። በአንድ ወር ውጤት ላይ ተመሥርቶ «ጎበዝ ነኝ» ወይም «አልቻልኩበትም» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

3 ሳንቲም በሚያስወጣው ገበያ ከአንዴ ወደ አራቴ መሄድ ያዋጣል። 430 ዶላር ተጨማሪ ከፍላችሁ ስህተቱን በ3,500 ትቀንሳላችሁ። ከአራቴ ወደ አሥራ ስድስቴ ግን 880 ከፍላችሁ የምትቀንሱት 1,800 ብቻ ነው። ወጪው እርግጠኛ ነው፣ ስህተቱ ግን አንዳንዴ ለእናንተም የሚያደላ ነገር ነው። ስለዚህ እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ። 20 ሳንቲም በሚያስወጣው ገበያ ደግሞ በቀን 16 ጊዜ ማስተካከል ከፕሪሚየሙ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይበላል፤ ይሄ ሄጅ ሳይሆን ገንዘቡን ለማርኬት ሜከሩ ማስረከብ ነው። እዚያ ገበያ ውስጥ በቀን አንዴም ብዙ ነው ሊባል ይችላል።

ሠንጠረዡ የደበቀው ነገር አለ። በቀን አራቴ ስንል ቀንና ሌሊቱን እኩል ከፋፍለን አይደለም፣ ገበያው ሌሊት ዝግ ነው። አክሲዮን ደግሞ ከመዘጋት እስከ መከፈት ባለው ጊዜ ውስጥ ዘልሎ ያድራል፤ የኩባንያ ገቢ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ገበያው ሲዘጋ ወይም ሳይከፈት በፊት ነው። ያንን ክፍል አራቴም አሥራ ስድስቴም አይነካውም። ስለዚህ የብዙ ጊዜ አስተካካዩ ትክክለኛ ስህተት ከሠንጠረዡ ይበልጣል፤ ሌሊት የሚዘል አክሲዮን ላይ ደግሞ በጣም ይበልጣል። በ24 ሰዓት የሚሠራ ገበያ ላይ ካልሆናችሁ በስተቀር ቀን ቀን ማዘውተር ከሚመስለው ያነሰ ነው የሚሰጣችሁ።

አማራጭ ሦስት፦ ሰዓቱን ትቶ እንቅስቃሴውን መከተል

አሁን ወደ መጨረሻው ረድፍ። እዚህ ሰዓት የለም። ዋጋው ባለፈው ካስተካከላችሁበት 2.50 ዶላር ሲርቅ፣ በሌላ አነጋገር ዴልታችሁ በ1,080 አክሲዮን ገደማ ሲዛባ፣ ያኔ ትገባላችሁ። ካልራቀ አትነኩትም፣ ሁለት ቀንም ቢሆን።

በዚህ ስፋት የምትነግዱት የአክሲዮን ብዛት በቀን አንዴ ከሚያስተካክለው ሰው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ወጪውም እኩል ነው። ስህተቱ ግን ከ7,100 ወደ 5,100 ይወርዳል። በነጻ የተገኘ ቅናሽ ይመስላል፣ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። በሰዓት የሚሠራ ሰው ዋጋው 20 ሳንቲም በሄደበት ቀንም ይነግዳል፣ ይሄ ብክነት ነው፤ 6 ዶላር በሄደበት ቀን ደግሞ እስከ መዝጊያ ይጠብቃል። ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ ከአንዱ ትልቅ ቀን ነው፣ ምክንያቱም ኪሳራው በስኩዌር ነው የሚያድገው። በእንቅስቃሴ የሚሠራው ሰው ግን በሁለት ማስተካከያዎች መካከል የሚደርስበት ኪሳራ ጣሪያ አለው፤ ½ × 431 × 2.5²፣ ወደ 1,350 ዶላር። ዋጋው ካልዘለለ በስተቀር ከዚያ አያልፍም። እርግጠኛ ያልሆነው የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው፣ ማለትም በመሐል ምን ያህል ቴታ ሰብስቦ እንደሚቆይ።

ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። ሁለት ቀኖችን እንይ፣ ጋማው አይቀየርም ብለን።

አንደኛው ቀን ዋጋው ከ100 ተነስቶ ጠዋት 102.50 ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ 100 ላይ ይዘጋል። የእንቅስቃሴው ሰው 102.50 ላይ 1,080 አክሲዮን ገዛ፣ 1,350 ዶላር ከሰረ። ሲመለስ 100 ላይ ሸጠው፣ ሌላ 1,350። ቴታው 876 ሲደመር ቀኑን በ1,820 ኪሳራ ዘጋ። የቀን አንዴው ሰው ግን ገበያው ሲዘጋ ዋጋው 100 ላይ ነው፤ የሚያስተካክለው ነገር ስለሌለ 876 ዶላሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሁለተኛው ቀን ዋጋው ሳይመለስ በቀጥታ ወደ 105 ይሄዳል። የእንቅስቃሴው ሰው ሁለቴ አስተካክሎ 2,700 ከሰረ። የቀን አንዴው ሰው ½ × 431 × 5²፣ 5,390 ከሰረ። እጥፍ ነው።

ስለዚህ ምርጫው በከፊል ስለ አክሲዮኑ ጠባይ ያላችሁ አመለካከት ነው። ቀን ቀን ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ መዘግየት ይክሳል። አንዴ ከጀመረ የማይመለስ ከሆነ መፍጠን ይክሳል። የምታውቁት ነገር ከሌላችሁ ግን የእንቅስቃሴው መንገድ የተሻለ ነው። በአማካይ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ የከፋው ቀን ግን እሱ ጋር ይቀላል። ኦፕሽን ሻጭን ከጨዋታ የሚያስወጣው ደግሞ የከፋው ቀን ነው።

*ስፋቱ ስንት ይሁን?* ብዙ ሰው አንድ ቁጥር ይመርጥና እስከ መጨረሻው በዚያው ይቀጥላል። ይሄ ጥሩ አይደለም። በዘርፉ የታወቀው የዋሊ እና ዊልሞት ስሌት (1997) የሚለው የዴልታው ስፋት በወጪው ኩብ ሩት እና በጋማው ሁለት ሦስተኛ ፓወር እንዲያድግ ነው። በቀላሉ ሲነገር፣ ወጪው ስምንት እጥፍ ቢሆን ስፋቱን እጥፍ አድርጉት፣ ስምንት እጥፍ አይደለም። ጋማው ስምንት እጥፍ ቢያድግ ደግሞ የዴልታውን ስፋት አራት እጥፍ አድርጉት። ከ3 ሳንቲሙ ገበያ ወደ 20 ሳንቲሙ ብትሄዱ ስፋቱ ወደ 1.9 እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ 1,080 የነበረው ወደ 2,000 አክሲዮን።

ሌላው ብዙዎች የሚስቱት፣ ስፋቱን ስታልፉ እስከ የት ነው የምታስተካክሉት? ወጪያችሁ በአክሲዮን ብዛት የሚቆጠር ብቻ ከሆነ፣ እስከ መሐል መመለስ የለባችሁም። ወደ ጠርዙ ብቻ ተመለሱ፤ ስፋቱ 1,080 ሆኖ ዴልታችሁ 1,200 ከተዛባ 120 ግዙና አቁሙ። በእያንዳንዱ ትዕዛዝ ላይ ቋሚ ክፍያ ካለባችሁ፣ ወይም ሥራው በእጅ የሚሠራ ሆኖ ስክሪን ላይ ተቸንክራችሁ መዋል ካልፈለጋችሁ ግን አንዴ ከገባችሁ እስከ መሐል ሂዱ። የላይኛው የሁለት ቀን ምሳሌ የተሠራው እስከ መሐል በሚለው ነው።

የሚቀረው፦ ዝላይ

እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ ነገር ይዟል፤ በመሐል መግዛትና መሸጥ ትችላላችሁ የሚል። ዋጋ ሲዘልል አትችሉም።

አክሲዮኑ 100 ላይ ዘግቶ በማግስቱ 110 ላይ ቢከፈት ምን ይሆናል? የአንዱ ኮል ዋጋ ከ3.68 ወደ 10.70 ገደማ ይሄዳል። በያዛችሁት 5,184 አክሲዮን 51,840 ታተርፋላችሁ፣ በኮሉ 70,200 ገደማ ትከስራላችሁ። ልዩነቱ 18,400 ዶላር ነው። የፕሪሚየሙ ግማሽ በአንድ ሌሊት፣ የ21 ቀን የመጀመሪያ ቴታ ያህል። ወደ ታች 90 ላይ ቢከፈት ደግሞ 20,100 ገደማ ነው፤ ኮል የሸጠ ሰው መውደቅ ይጠቅመኛል ብሎ ያስባል፣ ሄጅ ካደረገ በኋላ ግን ሁለቱም ጎን ይጎዳዋል።

ይሄ ሁሉ ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲው እዚያው 32 ላይ ይቆያል ብለን ነው። ዝላይ ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ አይቆይም። ዋጋው 110 ላይ ሆኖ ቮላቲሊቲው በአንድ ነጥብ በጨመረ ቁጥር ወደ 670 ዶላር ተጨማሪ ኪሳራ ነው፤ አሥር ነጥብ ቢጨምር ያው አስሉት። በአክሲዮን የሚሠራ ሄጅ ይህንን ጨርሶ አይነካውም።

እውነተኛ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ጥር 2015ን አስታውሱ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ለሦስት ዓመት ያህል ይዞት ነበር። ጃንዋሪ 15 ጠዋት ድንገት ለቀቅኩት አለ፤ ዩሮው በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። ከዚያ በፊት የነበረው መዋዠቅ በጣም ትንሽ ስለነበር፣ የዩሮ-ፍራንክ ኦፕሽን የሸጠ ሰው ሄጁን በየሰከንዱ ቢያስተካክልም በ1.20 እና በ1 መካከል የሚነግድበት ዋጋ በቅጡ አልነበረውም። ድግግሞሽ የሚረዳው ዋጋው በየመንገዱ ሲያልፍ ነው።

አማራጭ አራት፦ ጋማውን በኦፕሽን መቀነስ

ጋማን የሚቀንሰው ሌላ ጋማ ብቻ ነው። አክሲዮን ጋማ የለውም። ስለዚህ ኦፕሽን መግዛት አለባችሁ።

ለምሳሌ ስትራይኩ 110 የሆነውን ኮል በዚያው ማብቂያ ቀን 100 ኮንትራት ግዙ። በዚያው 32 በመቶ ሲሰላ ዋጋው 0.76 ዶላር ነው፣ በጠቅላላው 7,590። የፕሪሚየሙን 21 በመቶ ሰጣችሁ። ምን አገኛችሁ? ጋማው ከ431 ወደ 166 ወረደ። የቀኑ ቴታም ከ876 ወደ 337 ወረደ፤ ጋማና ቴታ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፣ አንዱን ሰጥታችሁ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም። የምትይዙት አክሲዮን ከ5,184 ወደ 3,562 ይቀንሳል።

አሁን ያንኑ ዝላይ መልሱት። 110 ላይ ቢከፈት ኪሳራው ከ18,400 ወደ 2,600 ይወርዳል። 90 ላይ ቢከፈት ግን ከ20,100 ወደ 11,100 ብቻ ነው። ከላይ የተገዛ ኮል ከታችም ትንሽ ይረዳል፣ ምክንያቱም የያዛችሁት አክሲዮን አንሷል፣ ግን የታችኛውን በር አይዘጋም። መውደቅ የበለጠ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ስትራይኩ 90 አካባቢ የሆነ ፑት፣ የመሸጥ መብት የሚሰጥ ኦፕሽን፣ ግዙ፣ ወይም ግማሽ ግማሹን ከሁለቱም። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ በብዙ የአክሲዮን ገበያ ታች ያለው ፑት ከላይ ካለው ኮል ከፍ ባለ ቮላቲሊቲ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ በተመሳሳይ ርቀት ይበልጥ ውድ ይሆናል። የኦፕሽን ስፕሬድ ራሱም ከአክሲዮኑ ስፕሬድ ሰፊ ስለሚሆን፣ ይህን መንገድ በየቀኑ ማስተካከል አይቻልም። አንዴ ገዝታችሁ ትተዉታላችሁ፤ የቀረውን ጋማ በአክሲዮን በሦስተኛው መንገድ ትከተላላችሁ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ምርጫ ያለው። 3 ሳንቲም የሚያስወጣ፣ ገዢና ሻጭ የበዛበት ገበያ ላይ፣ ሌሊት የሚወጣ ዜና የሌለበት ጊዜ ከሆነ፣ ሦስተኛውን መንገድ ብቻውን እመርጣለሁ፤ ስፋቱንም ከ2.50 አጠብበዋለሁ። እስከ ማብቂያ ቀኑ ባለው ጊዜ ውስጥ የገቢ ሪፖርት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም ሌላ ዋጋውን በአንድ ጊዜ የሚያዘልል ነገር ካለ አራተኛውን ሳልጨምር አልሸጥም። የ7,590 ዶላሩ ዋጋ ውድ መስሎ ከታያችሁና ያለ እሱ ግን ንግዱ የማያስተኛችሁ ከሆነ፣ 100 ሳይሆን 40 ኮንትራት ሽጡ። 20 ሳንቲም የሚያስወጣ ገበያ ላይ ደግሞ በቀን አንዴ ወይም ሰፋ ባለ እንቅስቃሴ፣ በትንሽ መጠን። በሰዓት መሥራትን የምመርጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ቀኑን ሙሉ መከታተል የማይችል ሰው ከሆነ። ያም ቢሆን መዝጊያው ላይ ይሁን፣ ሌሊቱን የሚያድረው ዴልታው ተስተካክሎ እንዲሆን።

ሥራው እየሄደ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ

ማታ ማታ የቀኑን ውጤት በአራት ከፋፍሉት። የተሰበሰበው ቴታ፣ በጋማ የጠፋው (በእያንዳንዱ ማስተካከያ መካከል ½ × ጋማ × እንቅስቃሴ²)፣ የንግድ ወጪ፣ እና በቮላቲሊቲ ለውጥ የመጣው። ድምራቸው ከሒሳባችሁ ላይ ካለው ትክክለኛ ውጤት ጋር በግምት መግጠም አለበት።

በደንብ ካልገጠመ አንድ ነገር ተሳስቷል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው። ዴልታውን የምታሰሉበት ቮላቲሊቲ የትናንቱ ሆኖ ቀርቷል፣ ወይም የተነገደበት ዋጋ ስክሪኑ ላይ ካያችሁት የባሰ ነበር። ሁለተኛውን ለማወቅ እያንዳንዱን ግዢ በዚያች ቅጽበት ከነበረው የመሐል ዋጋ ጋር አወዳድሩት። 3 ሳንቲም ነው ብላችሁ ያሰባችሁት 8 ከሆነ፣ ስፋታችሁ በ1.4 እጥፍ ያህል መስፋት አለበት።

ገጥሞ ግን የጋማው ዓምድ ከቴታው በተከታታይ የሚበልጥ ከሆነ ድግግሞሽ መቀየር አይረዳችሁም። አክሲዮኑ ከ32 በመቶ በላይ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ በርካሽ ነው የሸጣችሁት። ኮሉን መልሶ መግዛት ወይም መጠኑን መቀነስ እንጂ ማስተካከያውን ማብዛት መድኃኒቱ አይደለም።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ጋማው እዚያው 431 ላይ አይቆይም። ዋጋው 100 አካባቢ ከቆየ 5 ቀን ሲቀር 885 አክሲዮን ይሆናል። አንድ ቀን ሲቀር 1,980። የመጨረሻው አንድ ሰዓት ላይ 5,000 ገደማ። ያኔ ዋጋው ከ99.70 ወደ 100.30 ቢሄድ ብቻ፣ 60 ሳንቲም ናት፣ ዴልታችሁ በ3,000 አክሲዮን ገደማ ይቀየራል። 100.30 ላይ ገዝታችሁ ወደ 99.70 ሲመለስ ብትሸጡ በአንድ ዙር 1,800 ዶላር ሄደ፤ በዚያች ሰዓት ኮሎቹ ውስጥ የቀረው ዋጋ በጠቅላላው 3,150 ገደማ ነው። ሁለት ዙር ከተመላለሰ ሁሉንም ጨርሷል።

ያለፈው የስፋት ደንብ እዚህ ይጠቅማል፦ ጋማው ሲያድግ የዴልታውን ስፋት ማስፋት፣ 1,080 ላይ የሙጥኝ አለማለት። ግን እሱም ቢሆን ልኩ አለው። ማብቂያው ላይ ዋጋው 100.02 ይሁን 99.98 ማንም አያውቅም፣ እና 10,000 አክሲዮን እንድታስረክቡ ይጠየቅ ወይም አይጠየቅ በሁለት ሳንቲም ይወሰናል። ከዚያም በላይ ኦፕሽኑን የያዘው ሰው ገበያው ከተዘጋ በኋላ በሚወጣ ዜና ሊወስን ይችላል። በማግስቱ ያላሰባችሁት 5,000 አክሲዮን ተርፏችሁ ወይም ጎድሏችሁ ልትነሱ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ዋጋው ከስትራይኩ ብዙም ካልራቀ፣ ኮሎቹን ከመጨረሻው ቀን በፊት መልሶ መግዛት የተሻለ ነው። አንድ ቀን ሲቀር 100 ላይ ያለው ዋጋ 8,000 ዶላር ገደማ ነው። እሱን ለማስቀረት ብሎ የሚቆይ ሰው 1,980 ጋማ ይዞ፣ ዋጋው ብዙ እንዳይንቀሳቀስ ሲጠብቅ ይውላል። የ20 ሳንቲሙ ገበያ ላይ ከሆናችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም በሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መውጣት ሲፈልግ የኦፕሽኑ ስፕሬድ ስለሚሰፋ፣ መልሶ መግዣው ራሱ ይወደዳል።